ዳር የቆመው ሰው ለምን ይወፍራል?

በዓል መጥቶ የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ፎቶውን አይቶ የሚያኮርፍ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚያኮርፈው ዳር የቆመው ነው። መሀል ያሉት ራሳቸውን መስለው ሲወጡ የእሱ ጉንጭ ተለጥጦ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱ ወደ ፎቶው ጥግ የተጎተተ መስሎ ይታያል። “የስልኩ ካሜራ ነው” ይባላል። ካሜራው ግን ያን ያህል ጥፋት የለበትም፤ ነገሩን ያበላሸው ፎቶ አንሺው የቆመበት ርቀት ነው።

አንድ ተራ ሳሎን እናስብ። ሦስት ሰዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ አምስት ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል። የቤቱ ልጅ ጀርባውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያስደግፍ ምንም ሳይቀረው ስልኩን ደግኗል። እሱና የቆሙት ሰዎች የሚራራቁት አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የስልኩ ዋና ካሜራ፣ እንደ ብዙዎቹ ስልኮች፣ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚባለው ሰፊ ሌንስ ነው፤ በዚህ ርቀት ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ያያል። በቀኝ ዳር አክስት ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ፊታቸው ከፎቶው መሀል 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በግራ ዳር ደግሞ አንዲት ወጣት ከፎቶው እንዳትወጣ አንገቷን ወደ መሀል ሰበር አድርጋለች።

የአክስት ፊት የሚሰፋበት ምክንያት ቀላል ነው። ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዳር የሚመጣው ብርሃን ደግሞ በሰያፍ ያርፍበታል። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የኳስ ጥላ መሬት ላይ እንደሚረዝመው፣ የሰው ጭንቅላትም በፎቶው ዳር ወደ ውጭ ይረዝማል። በዚህ ሳሎን ውስጥ ሒሳቡ ቢሠራ የአክስት ፊት ከቁመቱ አንጻር 18 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይወጣል። 0.5 ተብሎ በተጻፈው እጅግ ሰፊ ካሜራ ቢነሱ ኖሮ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ፊት ከግማሽ በላይ ሊሰፋ ይችል ነበር።

የሚገርመው ከኋላቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ምንም አለመሆኑ ነው። ጠፍጣፋ ስለሆነና ፊቱን ለካሜራው ስለሰጠ ቅርጹን ይጠብቃል፤ የሚለጠጠው እንደ ጭንቅላት ድቡልቡል የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፦ መስመሮቹ ቀጥ ካሉ ሰዎቹ ይሰፋሉ፣ ሰዎቹ ከተስተካከሉ መስመሮቹ ይጎብጣሉ። በ2019 የጉግል ተመራማሪዎች ፊቶቹን ለብቻ፣ ግድግዳውን ለብቻ የሚያስተካክል ዘዴ አሳትመዋል፤ እዚያም ቢሆን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መስመር ትንሽ መታጠፉ አይቀርም። እኔ በቤተሰብ ፎቶ ላይ ግድግዳው ቢጎብጥ ግድ የለኝም።

ለዚህም ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የሌንስ ማስተካከያ ነገሩን የሚያብሰው። ማስተካከያው የጎበጠ መስመር ያቃናል፤ መስመሩን ሲያቃና ግን ዳር ያለውን ሰው ይበልጥ ይለጥጣል። እዚህ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ Filter > Lens Correction ገብቶ፣ Custom በሚለው ገጽ Remove Distortion የሚለውን ከዜሮ በታች በጥቂቱ ማውረድ ነው። ፎቶው ጠርዙ ላይ ትንሽ ሲጎብጥ የዳር ፊቶች ይሰበሰባሉ። የበሩ መቃን መጉበጡ ዓይን ውስጥ መግባት ሲጀምር እዚያ ላይ ማቆም ነው።

የቀረውን በእጅ እንጨርሰዋለን። ፎቶው 4000 ፒክስል ስፋት ቢኖረው የአክስት ፊት 280 ፒክስል ገደማ መሆን ሲገባው 330 ሆኖ ወጥቷል እንበል። የመጀመሪያው እርምጃ ወደ 305 አውርዶታል። አሁን ፊታቸውን ብቻ መርጦ ማጥበብ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ትከሻቸው እንደሰፋ ስለሚቀር ጭንቅላቱ የተዋሰ ይመስላል። ይልቅ ከውስጠኛው ትከሻቸው ጀምሮ እስከ ፎቶው ጠርዝ ያለውን ክፍል ከላይ እስከ ታች እንዳለ መምረጥ ይሻላል። ከዚያ Ctrl+T ተጭኖ፣ W እና H የተያያዙበትን ሰንሰለት ፈትቶ፣ W ላይ 92% መጻፍ፤ ቀጥሎም ቁራጩን ወደ ጎን ብቻ ገፍቶ ከተቀረው ፎቶ ጋር ማጋጠም። ጠርዙ ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ይቆረጣል። የጠበበው ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ አግድም መስመሮች ሳይሰበሩ ይገጥማሉ። የሚያጋልጠው ሰያፍ መስመር ነው፤ የነጠላው ጥለት መጋጠሚያው ላይ የሚያልፍ ከሆነ እዚያ ላይ እጥፍ ይላል፤ ስለዚህ መጋጠሚያውን ከጥለቱ ማራቅ ያስፈልጋል። መጠኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ አክስት መሀል ቆመው የተነሱትን ሌላ ፎቶ አጠገቡ ከፍቶ ማመሳከር ነው። በዓይን ብቻ የሚሠራ ሰው ማቅጠኑን ማብዛቱ አይቀርም።

የወጣቷ ጉዳይ ለየት ይላል። ጭንቅላት ያዘመመ ሲመስል ከመንካት በፊት ያዘመመው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የሁለቱን ዓይኖች ብሌን የሚያገናኝ መስመር በሐሳብ እናስምር። መስመሩም፣ የበሩ መቃንም አብረው ካዘመሙ ያዘመመው ካሜራው ነው፤ ፎቶውን እንዳለ ማዞር ይበቃል። ለካሜራው ፊት ለፊት ባየ ሰው ላይ መስመሩ አግድም ሆኖ የጭንቅላቱ ዙሪያ ብቻ ወደ ጥግ ከተሳበ ሌንሱ ነው። በኛ ፎቶ ላይ ግን መቃኑ ቀጥ ብሏል፤ የወጣቷ ጉትቻ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፤ የዓይኖቿ መስመር ግን 7 ዲግሪ ያህል ያዘማል። እንግዲህ አንገቷን የሰበረችው ራሷ ናት።

ይህንን ለማቃናት ጭንቅላትና አንገቷን ጸጉሯን ጨምሮ በLasso ከብቦ፣ ወደ ሌላ ሌየር ገልብጦ፣ የመዞሪያውን ነጥብ አንገቷ ከትከሻዋ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ነጥቡ ፊቷ መሀል ላይ ከቀረ ጭንቅላቱ ሲዞር አንገቱ ይቆረጣል። ከሰባቱ ዲግሪ አራቱን ብቻ እመልሳለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ከተቃና ከቤተሰብ ፎቶ መሀል ጉርድ ፎቶ የተለጠፈ ይመስላል። ከአሥር ዲግሪ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ የአንገት ጅማትና ጥላው ስለማይታዘዙ ባይነካ ይሻላል። ኤዲት መደረጉን የሚያሳብቀው ጉትቻው ነው፦ ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ስለዞረ አሁን አየር ላይ ዘሟል። እሱን ለብቻው መርጦ ወደ ቀጥታው መመለስ ያስፈልጋል። ከዋናው ፎቶ ላይ የቀረው የድሮ ጸጉር ጠርዝም በClone Stamp ይሸፈናል።

በኤዲት የማይመለስ አንድ ነገር አለ። ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጉልበት ካሜራው አፍንጫ ሥር ስለነበር ገዝፎ ወጥቷል፤ ኋላ ያሉት ደግሞ አንሰዋል። ይህ የርቀት ልዩነት እንጂ የሌንስ ጠባይ ስላልሆነ የትኛውም ማጥበብ አያስተካክለውም። ሰዎቹ ገና ካልተበተኑ እንደገና ማንሳት ይሻላል፦ የሳሎኑን በር ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ መውጣት፣ ርቀቱን ሦስት ሜትር ማድረስና 2x መጫን። ፍሬሙ ያው ነው፤ የአክስት ፊት ግን በ18 በመቶ ፈንታ በ5 በመቶ ብቻ ይሰፋል። ዳር ያሉትን እንደ ጨረቃ ወደ ፊት ማስጠጋትም አያዋጣም፤ ወደ ካሜራው በቀረቡ መጠን ይገዝፋሉ፤ ቀጥ ባለ መስመር መቆም ይሻላል። ከሁለቱ ዳር ሰዎች ውጭም የአንድ ፊት ያህል ባዶ ቦታ ይተው፤ በኋላ ሲስተካከል የሚቆረጠው እሱ ነው።