በሁዳዴ ማዕድ ላይ ፕሮቲኑ ስንት ነው?

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፕሮቲን የሚያንሰን በዋናነት ወጡ ስለሚቀጥን ነው። ምስር፣ ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ደረቅ እንዳሉ ሲመዘኑ ከክብደታቸው ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ጤፍ ደግሞ ከመቶው 11 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጓዳው ባዶ አይደለም፤ ጥያቄው ከጓዳው ስንቱ ወደ ሰሃኑ ይደርሳል የሚለው ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ቢያንስ 48 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ሰውነት ከሥጋና ከእንቁላል ባነሰ መጠን ስለሚጠቀምበት፣ በጾም ወራት ወደ 55 ግራም ማሰቡ ይሻላል።

አሁን እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ የሚመገብ ሰው እንውሰድ። በየማዕዱ አንድ እንጀራ ይበላል። ለአንድ እንጀራ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ገባ ብንል፣ ከሁለቱ 22 ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ሽሮው የተሠራው ለሦስት ሰው በሁለት ሲኒ ዱቄት ነው። አንድ ሲኒ ሽሮ ወደ 40 ግራም ስለሚመዝን የእሱ ድርሻ 27 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም 5 ግራም ፕሮቲን ነው። ማታም ያንኑ ቢደግመው 10። ከጎኑ ያለው ጎመንና ድንች ሦስት አራት ግራም ይጨምርለታል። ድምሩ ከ36 አይበልጥም። ሰውዬው ጠግቦ ነው የተነሣው፤ ሆዱን የሞላው ግን በአብዛኛው እንጀራው ነው። እንጀራው ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ድምሩ ከዚህም ይወርዳል፤ የሩዝ ፕሮቲን ከጤፉ ያንሳልና።

በየዓይነቱም ዓይን ያታልላል። ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ፎሶልያ ሰሃኑን ያደምቁታል፤ ለሌላ ነገር ይጠቅማሉ፣ ለፕሮቲን ግን ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። የሚቆጠሩት ምስሩ፣ ክኩና ሽሮው ናቸው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ጭልፋ የሚወሰኑት ናቸው።

የዚያው ሰው ማዕድ ብዙ ሳይለወጥ ሊስተካከል ይችላል። እንጀራው በቀን ወደ አንድ ተኩል ይውረድ፤ 16 ግራም። የ9 ሰዓቱ ሽሮ ወፈር ብሎ ለእሱ ብቻ 50 ግራም ዱቄት ይድረሰው፤ 10 ግራም። ማታ በሽሮ ፈንታ 60 ግራም ደረቅ ምስር የገባበት ወጥ ይብላ፤ ወደ 15 ግራም። በመካከሉ 40 ግራም የሽምብራ ቆሎ ይቆርጥም፤ 8 ግራም። የተቆላና የተፈጨ ተልባ 30 ግራም በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ 5 ግራም ነው። 54 ደረሰ ማለት ነው። ተልባው መፈጨቱ ግድ ነው፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ፍሬ እንዳለ ያልፋል።

እንጀራው ቢቀነስም ጨርሶ መቅረት የለበትም። ጥራጥሬ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ሆኖ ሜቲዮኒን ያንሰዋል። እህልና ሰሊጥ ደግሞ ሜቲዮኒኑ አላቸው፤ እህል በበኩሉ ላይሲን ያጥረዋል። ሁለቱ በአንድ ጉርሻ መገናኘታቸው ግድ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው በቂ ነው። እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ሲያቀርቡ ይህ ጉዳይ አስቀድሞ ተፈትቷል።

ዘይቱን በጣም የሚቀንሱ ጾመኞች አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ምግቡ ጉልበት ካጠረው ሰውነት ያገኘውን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ያነደዋል፣ ለጡንቻ የሚተርፈውም ይቀንሳል። ከላይ ባሰብነው ማዕድ ላይ በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢጨመር፣ ከጉልበቱ ከግማሽ በላዩ ከእህልና ከጥራጥሬ ስታርች፣ ሢሶ ያህሉ ከቅባት፣ ቀሪው ከፕሮቲን ይመጣል። ይህ ለአዋቂ ሰው ጥሩ ሚዛን ነው። ዘይቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው በሱፍ፣ በኑግ ወይም በሰሊጥ ይተካው፤ እነዚህ ቅባቱን ከጥቂት ፕሮቲን ጋር ይሰጣሉ።

በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት የሚመጣው ራስ ምታትና ድካም አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ማነስ፣ ከቡና መቅረትና ከምግብ ማነስ ነው፤ ፕሮቲን በሦስት ቀን አያልቅም። የፕሮቲን እጥረት የሚታየው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፦ ክንድና ጭን ሲሟሽሽ፣ ደረጃ መውጣት ሲከብድ፣ ቁስል ለመዳን ሲዘገይ።

አንድ ጥራጥሬ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ጓያ። ፕሮቲኑ ከባቄላ አያንስም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ስለዚህ በሽሮ መልክ ወደ ቤት መግባቱ አይቀርም። በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። ዋና ምግብ ሆኖ ለሁለትና ሦስት ወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም እግር ወደ ነበረበት አይመለስም። አልፎ አልፎ የተበላ ጓያ ያን ያህል አያሰጋም፤ የሁዳዴ ሽሮ ግን ለ55 ቀን በየዕለቱ የሚበላ ነው። ስለዚህ ሽምብራውንና አተሩን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ማስፈጨት ይሻላል፤ ዱቄቱን የሚገዛም ምን እንደተቀላቀለበት ከሚያምነው ሰው መግዛት አለበት።