አሥር ደቂቃ ከየት ይጀምራል?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤታቸው ተመራቂዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የጥናት ሥራ ሠርተው በመምህራን ፊት በ10 ደቂቃ እንዲያቀርቡ ያዛል። ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ መግቢያዬን ይዩልኝ» አለችኝ።

ጮክ ብላ እንድታነብ አድርጌ ሰዓት ያዝኩላት። «ውሃ ሕይወት ነው» ብላ ጀመረች። ከዚያ ውሃ ለሰው፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት የሚሰጠውን ጥቅም ዘረዘረች። ሁለት ደቂቃ ተኩል አለፈ፤ እሷ ምን እንዳጠናች ግን ገና አልሰማሁም። ከተሰጣት ጊዜ ሩቡ ሁላችንም በምናውቀው ነገር አለቀ ማለት ነው።

«ወረቀቱን አስቀምጪውና የሠራሽውን እንዲሁ አጫውቺኝ» አልኳት። በግቢያቸው ተዘግተውም የሚያንጠባጥቡ አራት ቧንቧዎች እንዳሉ፣ በእያንዳንዱ ሥር የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ እየደቀነች በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ መመዝገቧን ነገረችኝ። የመጀመሪያው በ20 ደቂቃ ሞላ፤ ሌሎቹ በ30፣ በ40 እና በ60 ደቂቃ። መግቢያው ተገኘ። የተናገረችውን አብረን በወረቀት አሰፈርነው፦

«ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለው ቧንቧ ተዘግቶም ያንጠባጥባል። ሥሩ የደቀንኩት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ በ20 ደቂቃ ሞላ። በዚህ ዓይነት ቀኑንና ሌሊቱን ቢፈስ 36 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ የሚቀረው 4 ሊትር ብቻ ነው። በግቢያችን እንዲህ ያሉ አራት ቧንቧዎች አሉ። አራቱ በድምሩ ስንት ውሃ ያባክናሉ? ጎሚኒያቸው ቢቀየርስ ማንጠባጠቡ ይቆማል? ዛሬ በልኬት ያገኘሁትን መልስ አቀርባለሁ።»

ይህን ስታነብ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሰሚው ቦታውን አየ፣ ልኩን ሰማ፣ ጥያቄውን ያዘ። የቀረውም ንግግር ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ብቻ ስለሆነ፣ ዝርዝሩን ማውጣት አላስቸገረንም፦

1. መግቢያ፦ ቧንቧውና ሁለቱ ጥያቄዎች (1 ደቂቃ)
2. አለካኩ፦ ጠርሙስ፣ ሰዓት፣ መዝገብ (2 ደቂቃ)
3. ከጥገናው በፊት የተገኘው ውጤት (2 ደቂቃ)
4. ጥገናውና ከዚያ በኋላ የተገኘው ልኬት (2 ደቂቃ)
5. ልኬቱ የማያሳየው ነገር (1 ደቂቃ)
6. መደምደሚያ፦ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ (1 ደቂቃ)

ድምሩ 9 ደቂቃ ነው። አንዷን ደቂቃ ሆን ብለን ተውናት፤ ሰው ፊት ሲቆሙ መንተባተብም፣ ሥዕል እስኪከፈት መጠበቅም አለ።

የተከራከርነው በአራተኛውና በአምስተኛው ነጥብ ላይ ነው። ጎሚኒው ሲቀየር ሦስቱ ቧንቧዎች ቀጥ አሉ፤ አራተኛው ግን አሁንም ያንጠባጥባል። የቧንቧ ሠራተኛው ፈትቶ ሲያየው ጎሚኒው የሚያርፍበት ብረት ተበልቷል። እሷ ይህን «ሥራዬን ያበላሽብኛል» ብላ ከጽሑፏ አውጥታው ነበር። መልሳ እንድታስገባው አደረግሁ። ሁለተኛው ጥያቄዋ «ይቆማል?» የሚል ስለሆነ፣ ትክክለኛው መልስ «ብረቱ ካልተበላ ይቆማል» ነው። ያለ አራተኛው ቧንቧ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

ሌላው ቁጥሩ ነው። የአራቱን ቧንቧዎች ብክነት ደምራ በቀን 90 ሊትር፣ በሳምንት 630 ሊትር ብላ ጽፋለች። «ለመሆኑ እናንተ ጋ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?» አልኳት። በፈረቃ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ቧንቧዎቹም ከሮቶ ጋር አልተያያዙም። መስመሩ ሲደርቅ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ስለዚህ የሳምንቱ ብክነት ቢበዛ 270 ሊትር ነው።

ፊቷ ጠቆረ። «ቁጥሩ አነሰብኝ እኮ ጋሼ!» አለች።

«ከመምህራኑ አንዱ ይህንኑ ቢጠይቅሽና 630ው እዚያው ቢፈርስ ይሻልሻል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ 630ውን ሰርዛ 270 ጻፈች፤ አምስተኛው ነጥብ ሥርም የሌሊቱን ግፊት እንዳልለካች ጨመረች። ውሃ የሚጠቀም ሰው ሲቀንስ ግፊቱ ሊጨምር፣ የሚንጠባጠበውም ሊበዛ ይችላል።

ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ሞከርን። ታናሽ ወንድሟን ጠርተን መግቢያውን ብቻ አነበበችለትና «ስለ ምንድን ነው የማወራው?» አለችው። «ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነዋ! ስንት ውሃ እንደሚፈስና ሲሠራ ይቆም እንደሆነ» አላት። የፊተኛውን መግቢያ ስታነብለት ግን «ስለ ውሃ» ብሎ ወደ ኳሱ ሮጠ።