ከዳሞታ ግርጌ እስከ ቢጠና፦ ያው መንቀጥቀጥ፣ የተለያየ መሬት

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በፎቅ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ደረጃ እየወረዱ ወጥተዋል። «ሕንፃችን ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄም እንደገና ተነሣ። በወላይታና በአካባቢው ጥያቄው አዲስ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የደረሰውና በመጠን ከ5 በላይ የነበረው መንቀጥቀጥ በደቡብና በምዕራብ ሰፊ አካባቢ ተሰምቶ ነበር። ሶዶ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ወደ ሆቢቻ ወረዳዋ ቢጠናና ከዚያም ወዲያ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ በወረድን ቁጥር ወደ ስምጡ ሆድ እየገባን ነው።

ለጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የርዕደ መሬት ቀጠና ካርታን አውጥቶ «እዚህ ቀጠና ውስጥ ነን» ማለት ነው። ካርታው ግን የሚነግረን ጠንካራ ዐለት ላይ ምን ያህል ንዝረት እንደሚጠበቅ ብቻ ነው። ከዐለቱ እስከ ሕንፃው መሠረት ድረስ ያለው አፈር ንዝረቱን ምን ያደርገዋል የሚለው ሌላ ስሌት ይጠይቃል። የአገራችን የግንባታ ደንብም ይህን ያውቀዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢቢሲኤስ 8 አፈርን በሦስት መደብ ከፍሎ ንዝረቱን በ1፣ በ1.2 ወይም በ1.5 እንድናባዛ ያዝዝ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. እርሱን የተካው፣ በአውሮፓው ዩሮኮድ 8 ላይ የተመሠረተው ደንብ ደግሞ መደቡን በዋናነት በአንድ ቁጥር እንድንለይ ይጠይቃል። ቁጥሩ ቪኤስ30 ይባላል፤ መሬትን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው የሸር ሞገድ ላይኛውን 30 ሜትር የሚያቋርጥበት አማካይ ፍጥነት ነው።

ፍጥነቱ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ከሆነ መሬቱ ዐለት ነው፤ መደብ ኤ ይባላል። ከ360 እስከ 800 ቢ፣ ከ180 እስከ 360 ሲ፣ ከ180 በታች ዲ ነው።

ፍጥነት ለምን መለኪያ ሆነ? ሞገዱ ከዐለት ወደ ለስላሳ አፈር ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የተሸከመው ጉልበት ግን በዚያው አይጠፋም። በዝግታ የሚጓዝ ሞገድ ያንኑ ጉልበት ለማሳለፍ አፈሩን በሰፊው ማወዛወዝ ግድ ይለዋል። ፍጥነቱ ከ700 ወደ 140 ሜትር ቢወርድ፣ የአፈሩ ክብደት መቀነስም ሲታከልበት፣ ውዝዋዜው ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ላይ ሞገዱ በላይ ገጽና በጠንካራው ንጣፍ መካከል ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። መመላለሱ ከመንቀጥቀጡ ምት ጋር ከተገጣጠመ፣ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደሚገፋ ሰው እያንዳንዱ ምት በቀደመው ላይ ይደመራል።

ይህ በገሃድ የታየው በሜክሲኮ ሲቲ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. መስከረም 19 የተነሣው መንቀጥቀጥ ምንጩ ከከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነበር። በከተማዋ ዐለታማ ክፍል የተመዘገበው ንዝረት ቀላል ነበር። ከተማዋ በከፊል የተሠራችበት የደረቀ ሐይቅ ሸክላ ግን አምስት እጥፍ ገደማ አጎላው። የሸክላው መወዛወዣ ጊዜ 2 ሰከንድ አካባቢ ስለነበር ከሁሉ የከፋ ጉዳት የደረሰው በመካከለኛና በረጃጅም ፎቆች ላይ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በዳሞታ ተዳፋት ላይ የእሳተ ገሞራ ዐለትና ከእርሱ የበሰበሰ ቀይ አፈር ይገኛል። ወደ ስምጡ ወለል ሲወረድ ወንዝና ሐይቅ ያከማቹት ደለል እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዞን ውስጥ፣ አጭር የመኪና መንገድ በሚያገናኛቸው ቦታዎች፣ የመሬቱ መደብ ሊለያይ ይችላል።

ለማሳያ ያህል አንድ ቦታ እንውሰድ። ላይኛው 8 ሜትር ለስላሳ አፈር፣ ፍጥነቱ 140፤ ቀጥሎ 10 ሜትር ጠጠር ያለው አፈር፣ ፍጥነቱ 280፤ ከዚያ 12 ሜትር የተሰነጣጠቀ ዐለት፣ ፍጥነቱ 700 ሜትር በሰከንድ ይሁን። ሦስቱን ፍጥነቶች በውፍረታቸው መዝኖ አማካይ የሚያወጣ ሰው 411 ያገኛል፤ መሬቱን መደብ ቢ ብሎ ይጽፈዋል። ስሕተት ነው። መደመር ያለበት ፍጥነቱ ሳይሆን ሞገዱ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፦ 0.057፣ 0.036 እና 0.017 ሰከንድ፣ በድምሩ 0.110። ሠላሳ ሜትሩን ለዚህ ስናካፍል 273 ይሆናል፤ መደቡም ሲ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚወስደው ላይኛው 8 ሜትር መሆኑን ልብ ይበሉ። በዩሮኮድ 8 ሠንጠረዥ ለመካከለኛ መጠን መንቀጥቀጦች ማባዣው ለቢ 1.35፣ ለሲ 1.5፣ ለዲ 1.8 ነው።

ማባዣው ብቻ አይበቃም። የመሬቱን መወዛወዣ ጊዜ ለማወቅ የለስላሳውን ንጣፍ ውፍረት በአራት አባዝተን ለፍጥነቱ እናካፍላለን። በምሳሌያችን 18 ሜትሩ በአማካይ 194 ሜትር በሰከንድ ስላለው 0.37 ሰከንድ ይወጣል። አንድ ሕንፃ አንዴ ለመወዛወዝ በግምት ለእያንዳንዱ ወለል 0.1 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ በዚህ መሬት ላይ በጣም ሊናወጥ የሚችለው ጂ ፕላስ 3 ነው፤ በየከተማችን ዋና መንገድ ዳር የሚበዛው ዓይነት። ቪኤስ30 ይህን በራሱ አይናገርም። ከሥር ያለው ዐለት ፍጥነቱ 700 ሳይሆን 900 ቢሆን ቁጥሩ ወደ 283 ብቻ ከፍ ይላል፤ በደንቡ ግን መሬቱ መደብ ኢ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀጭን ለስላሳ ንጣፍ በጠንካራ ዐለት ላይ ሲያርፍ አጎላሉ የተለየ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደብ የሚሰጥ መሐንዲስ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሞገድ ፍጥነት ልኬቱ ውድ ማሽን አይጠይቅም። 24 ጂኦፎኖች በየ2 ሜትሩ መሬት ላይ ይተከሉና አንድ ሰው የብረት ሳህን በትልቅ መዶሻ ይመታል። ምቱ በመሬት ገጽ ከሚያስነሣቸው ሞገዶች አጭሩ ላይኛውን አፈር ብቻ፣ ረጅሙ ጥልቁንም ስለሚነካ፣ የየሞገዱ ፍጥነት ሲለካ የንጣፎቹ ፍጥነት ይሰላል። ድክመቱ መዶሻ ረጅም ሞገድ አለማስነሣቱ ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው የሞገድ ፍጥነት ከርቭ የሚጀምረው ከ12 ኸርዝ ከሆነና ፍጥነቱ እዚያ 300 ከሆነ፣ የሞገዱ ርዝመት 25 ሜትር ነው። የሚታመነው ጥልቀት የርዝመቱ ግማሽ፣ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በታች እስከ 30 የተጻፈው ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

በተግባር ብዙ የአፈር ምርመራ የሚቆመው ኤስፒቲ ላይ ነው፤ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር እየወደቀ ቱቦውን 30 ሴንቲ ሜትር ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጠራል። ደንቡ ይህንንም ይቀበላል፦ ከ15 በታች ዲ፣ ከ15 እስከ 50 ሲ፣ ከዚያ በላይ ቢ። ነገር ግን ትልቅ ጠጠር ቱቦውን ሲያግደው ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ለስላሳው መሬትም ጠንካራ መስሎ ይመዘገባል። ቁፋሮው 10 ሜትር ላይ ከቆመ ደግሞ ስለቀሪው 20 ሜትር የሚናገረው የለም።

ስለዚህ በሶዶም ሆነ በቢጠና ፎቅ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርቱን ስትረከቡ የመሸከም አቅሙን ብቻ አትዩ። የመሬቱ መደብ ተጽፎ እንደሆነ፣ በምን ልኬትና እስከ ስንት ሜትር እንደተለካ፣ የመወዛወዣ ጊዜውም ስንት እንደሆነ መሐንዲሱን ጠይቁ። መልሱ ካልተጻፈ ዲዛይኑ ሳይጀመር አስጽፉት።