ትንሹን ፊት ማሳደግ፣ ቆዳውን ቆዳ አድርጎ

የፊት መቀየሪያ ሞዴሎች የሚያወጡት ፊት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በሰፊው የሚሠራበት inswapper_128፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ 128 በ128 ፒክስል ብቻ ይሰጣል። ፎንቆ ከተማ ላይ አጭር ድራማ ተቀርጾ፣ በአደገኛው ትዕይንት ተዋናዩን የተካው ሰው ፊት በተዋናዩ ፊት ሊቀየር ነው እንበል፤ ሁለቱም ፈቅደዋል። በ1920 በ1080 ምስል ውስጥ ፊቱ 400 በ400 ፒክስል ከያዘ፣ የሞዴሉ ውጤት በቁመትም በወርድም ከሦስት እጥፍ በላይ መለጠጥ አለበት። በብዛት ሲሰላ፣ ተመልካቹ ከሚያየው አሥር ፒክስል ዘጠኙ ያህል በሞዴሉ ውጤት ውስጥ አልነበረም።

ይህን ክፍተት የሚሞሉት የፊት ማደሻ ሞዴሎች ናቸው፤ በ2021 የወጣው GFPGAN እና በ2022 የተከተለው CodeFormer ጎልተው ይታወቃሉ። ሁለቱም የሠለጠኑት ኤንቪዲያ ከፍሊከር ባሰባሰባቸው 70,000 የፊት ፎቶዎች ነው። ስለዚህ የጠፋውን አይመልሱም፤ ከተማሩት ፊቶች ተነሥተው ይገምታሉ። ዓይንና ጥርስ ላይ ግምቱ ያምራል። የቆዳ ቀዳዳ ግን የት የት እንዳለ ከ128 ፒክስል ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ወደ አማካዩ ያዘነብላል፣ የቀዳዳዎች አማካይ ደግሞ ልሙጥ ነው። ፕላስቲክነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ የግንባርና የጉንጭ ወዝ፣ ማለትም ብርሃን የሚመልሰው ቦታ፣ ሲደበዝዝ ፊቱ ዱቄት የተቀባ ይመስላል። የአገጭ ወይም የግንባር ንቅሳትማ በቀላሉ እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይጠረጋል፤ ይህን በጣም አጥብቄ እጠላዋለሁ፣ የሰውየውን ማንነት ይነካልና።

መፍትሔው ማደሻውን በሙሉ ኃይሉ አለመልቀቅ ነው። CodeFormer ላይ w የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ወደ 1 ሲጠጋ ለገባው ፊት ይታመናል፣ ወደ 0 ሲወርድ ያምራል ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከ0.7 አካባቢ ጀምሮ፣ ውጤቱንም ካልታደሰው ፊት ጋር በግማሽ ያህል ግልጽነት መደረብ ጥሩ መነሻ ነው።

ቀሪው የቆዳው ሸካራነት ነው። እሱ በመጀመሪያው ቀረጻ ውስጥ አለ፤ የተተኪው ሰው ጉንጭ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ካሜራ ተነሥቷል። ቀረጻውን አደብዝዘው ከራሱ ከቀረጻው ሲቀንሱት ጥቃቅኑ ዝርዝር ብቻ ይቀራል፤ እሱን በአዲሱ ፊት ላይ በስሱ መጫን ይቻላል። ዓይን፣ ከንፈርና ቅንድብ ግን በማስክ መሸፈን አለባቸው፤ አለበለዚያ የሁለት ሰው ፊት ይደራረባል። የተተኪው ሰው ጠባሳና መጨማደድም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል በእጅ ይለቀም። ቀረጻው ራሱ ደብዛዛ ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም፤ ያኔ የሚቀረው ከካሜራው ኖይዝ ጋር በመጠን የሚመሳሰል ግሬይን ማከል ነው፣ እሱም ከማሳደጉ በኋላ፤ ቀድሞ ከተጨመረ አብሮ ይወፍራል።

ውጤቱ የሚመረመረው በ100 ፐርሰንት መጠን፣ ጉንጭን ከአንገት ጋር በማነጻጸር ነው፤ አንገቱ ሸካራ፣ ጉንጩ ልሙጥ ከሆነ ማደሻው ይቀነስ። ቪዲዮው ሲንቀሳቀስም መታየት አለበት፤ ማደሻዎቹ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚገምቱ፣ በቆመ ምስል ያማረው ቆዳ ሲንቀሳቀስ ሊርገበገብ ይችላል።