የማይታረቁት ሁለቱ የብስክሌት ፍሬን ዘይቶች

የሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ዓመት ከተነዳ በኋላ አንድ ቀን የፍሬኑ እጀታ ይላላል። ሲጫኑት መሪው ድረስ ይሄዳል። ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ዘይቱ ጎድሏል። መካኒኩ ሥራውን ያውቀዋል፤ አየሩን አስወጥቶ መሙላት ነው። ልጅ ይላክና ቅርብ ካለው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የፍሬን ዘይት ይገዛል። የሚመጣው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ነው፤ መኪኖች የሚጠቀሙት እሱን ነውና። ይሞላል፣ ይሞከራል፣ ጥሩ ይይዛል። ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል።

አሳሳቹ ነገር ጥሩ መያዙ ነው። ፍሬኑ ዘይቱን የሚፈልገው ከጣት የመጣውን ግፊት በቱቦ አልፎ ዲስኩ ጋ እንዲያደርስለት ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ የተሳሳተው ዘይትም በመጀመሪያው ቀን አሳምሮ ይሠራዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ሌላ ቦታ፣ ዓይን በማያየው የላስቲክ ቀለበት ላይ ነው።

ዲስኩን የሚያቅፈው ካሊፐር ውስጥ በግራና በቀኝ ፒስተኖች አሉ። እያንዳንዱን ፒስተን የሚከበው ጎሚኒ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ዘይቱ እንዳያፈስ መድፈን ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ጎሚኒው አብሮት በትንሹ ይጣመማል፣ እጀታው ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ርቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ፒስተኑን የሚመልስ ሌላ ጠንካራ ስፕሪንግ ስለሌለ ሸራው ከዲስኩ ተላቆ ጎማው በነፃ የሚዞረው በዚያች ቅንጣት ርቀት ነው። የጎሚኒው መጠን ትንሽ ከተለወጠ ሁሉም ነገር ይዛባል።

ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት መሠረታቸው ግላይኮል ነው፤ ከውኃ ጋር የሚዋሃድ ፈሳሽ። ሚኒራል ዘይት ግን ከነዳጅ ወገን ነው፤ ከውኃ ጋር አይገናኝም። ላስቲክም እንዲሁ ወገን አለው። የሚኒራል ዘይት ፍሬኖች የሚሠሩበት ናይትራይል የተባለው ላስቲክ የነዳጅ ዘይትን ይቋቋማል፣ ግላይኮል ግን ሰርጎ ይገባበታል። በዶት ፍሬኖች ውስጥ ያለው ኢፒዲኤም የተባለው ላስቲክ ተቃራኒው ነው፤ ግላይኮልን ችሎ ይኖራል፣ ሚኒራል ዘይት ሲነካው ግን ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ያብጣል። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ዘይት የተሻለ ጥራት አለው የሚል አይደለም። አንደኛ ደረጃ ዘይትም ቢሆን የተሳሳተው ፍሬን ውስጥ ከገባ ያበላሸዋል።

በሚኒራል ዘይት የሚሠራው የሺማኖ ፍሬን ዶት 4 ቢሞላበት ምልክቱ ቀስ በቀስ ይመጣል። መጀመሪያ እጀታው ሲለቀቅ እንደ ድሮው ፈጥኖ አይመለስም። ቀጥሎ ሸራው ዲስኩን መላቀቅ ያቅተዋል፤ ጎማውን አንስተው ሲያዞሩት እየተፋተገ ቶሎ ይቆማል። ላስቲኩ እየለሰለሰ ሲሄድ በፒስተኑ ዙሪያ እርጥበት ይታያል፣ ሸራውም ዘይት ይጠጣና መያዝ ያቆማል። በተገላቢጦሽ የዶት ፍሬን ሚኒራል ዘይት ከጠጣ ደግሞ ያበጠው ጎሚኒ እጀታው ውስጥ ያለችውን፣ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ጠባብ ቀዳዳ ሊዘጋት ይችላል። ያን ጊዜ ዘይቱ በሙቀት ሲሰፋ መሄጃ ያጣል፤ ፍሬኑ ማንም ሳይነካው እየጠበቀ ይሄዳል። ይህ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ነገሩ የብስክሌት ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ ሲትሮኤን በ1955 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዲኤስ የተባለው መኪና ፍሬኑም፣ መሪውም፣ የሚንሳፈፍበት ሥርዓትም በአንድ ዘይት ይሠሩ ነበር። ቀዩ ሰው ሠራሽ ዘይት እርጥበት እየሳበ ብረቱን ስላስቸገረው ፋብሪካው በ1966 ወደ አረንጓዴ ሚኒራል ዘይት ተሻገረ። ለዚህም ጎሚኒዎቹን በሌላ ዓይነት መተካት ነበረበት፤ መካኒኮች እንዳይሳሳቱ የአዲሱ ሥርዓት ክፍሎች አረንጓዴ ተቀቡ። የድሮ ዲኤስ ያላቸው ሰዎች ዛሬም ክዳኑን ሳይከፍቱ በፊት ቀለሙን ያያሉ።

እርጥበት ካነሳን፣ ሁለቱም ዘይቶች የየራሳቸው ድክመት አላቸው። ዶት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በመስፈርቱ መሠረት አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 155 ዲግሪ ነው። በየጊዜው መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። ሚኒራል ዘይት ውኃ አይስብም፤ ነገር ግን እንደምንም የገባ ጠብታ ካለ ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ካሊፐሩ ውስጥ፣ ሙቀቱ የሚበረታበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን ይዞ ለሚወርድ ሰው እዚያ ሙቀት ላይ መድረስ ከባድ አይደለም። ውኃው ሲተን እጀታው ባዶ ይሆናል።

ታዲያ የትኛው እንደሚያስፈልግ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ እጀታው ላይ ወይም የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ሺማኖ፣ ማጉራ እና ቴክትሮ በሚኒራል ዘይት ይታወቃሉ፤ ሆፕ ደግሞ በዶት 5.1። በብራንድ ስም ብቻ መተማመን ግን አይበጅም። ስራም ለብዙ ዓመታት ዶት ሲጠቀም ኖሮ በ2022 ዲቢ8፣ በ2024 ደግሞ ሜቨን የተባሉትን ፍሬኖች በሚኒራል ዘይት ይዞ መጣ። ስለዚህ የአንድ ኩባንያ ሁለት ፍሬኖች ሁለት የማይታረቁ ዘይቶች ሊፈልጉ ይችላሉ።

ጽሑፉ ከጠፋ፣ ወይም መለያ የሌለው ጠርሙስ እጅ ላይ ካለ፣ ቀላል ሙከራ አለ። ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ ውኃ አድርጎ ጥቂት ጠብታ መጨመርና ማማሰል። ዶት ከውኃው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፤ ሚኒራል ዘይት ተመልሶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሙከራው የሚነግረው ግን ፈሳሹ የየትኛው ወገን እንደሆነ ብቻ ነው። ከፍሬኑ የተቀዳው ዘይት ቀድሞ በስህተት የገባ ሊሆን ስለሚችል የፍሬኑን ሞዴል ማጣራት አይቀርም። ዶት 5 ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ስሙ ከዶት 5.1 ጋር ቢመሳሰልም ሲሊኮን ነው፤ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

የተሳሳተው ዘይት አንዴ ከገባ አጥቦ መተካት ጎሚኒውን አያድነውም፤ የጠጣውን ጠጥቷል። ሁሉንም ጎሚኒዎች መቀየር ያስፈልጋል፤ ለብዙ ፍሬኖች ደግሞ ጎሚኒው ለብቻው ስለማይሸጥ እጀታውና ካሊፐሩ በሙሉ ይጣላሉ። ለሁለቱ ዘይቶች አንድ ሲሪንጅ ማፈራረቅም ተመሳሳይ መዘዝ አለው፤ ጋራዦች ሁለት ሲሪንጅ ለይተው ቢያስቀምጡ ይሻላል። የዶት ፍንጣቂ የብስክሌቱን ቀለም ስለሚልጥም ወዲያው በውኃ መታጠብ አለበት።

አንድ የብስክሌት ፍሬን የሚይዘው ዘይት አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ትክክለኛው ዘይት እስኪገኝ ብስክሌቱን ማቆም እንጂ በመኪና ዘይት ለጊዜው ማስነሳት አያዋጣም።