ተረትና እውነታ፦ የንግድ ዕቅድ ጭምቅ ሐሳብ መግቢያ አይደለም

በዩኒቨርሲቲ የሥራ ፈጠራ ውድድር የሚሳተፉ ተማሪዎች ወራት የፈጀ የንግድ ዕቅድ ይዘው ይቀርባሉ። በመጀመሪያው ዙር ግን ዳኞች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት ከፊት ያለውን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጭምቅ ሐሳብ ብቻ ነው። ከቀደምቶቹ የንግድ ዕቅድ ውድድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን የተጀመረው «ሙት ኮርፕ» ሲሆን፣ ስሙ የሕግ ተማሪዎች ከሚከራከሩበት ምስለ ችሎት የተወሰደ ነው። ይህ ስም ስለ ጭምቅ ሐሳብ የሚነግረን ነገር አለ። ጭምቅ ሐሳብ ለዳኛ እንደሚቀርብ ማመልከቻ ነው፤ ምን እንደምንል፣ በምን ማስረጃ እንደምንል፣ ምን ዳኝነት እንደምንጠይቅ ለብቻው ቆሞ ማሳየት አለበት። በተማሪዎች ዘንድ የተለመዱት ሦስት እምነቶች ማመልከቻውን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ያሳጡታል።

ተረት፦ ጭምቅ ሐሳብ መግቢያ ስለሆነ አንባቢውን ማጓጓት እንጂ ሁሉን መንገር የለበትም።

እውነታ፦ መግቢያ አንባቢው ቀጥሎ ያለውን እንደሚያነብ ይተማመናል፤ ጭምቅ ሐሳብ ይህ መተማመኛ የለውም። በርካታ ዕቅዶች የተደረደሩለት ዳኛ «ዝርዝሩ በምዕራፍ አምስት ተብራርቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው ወደ ምዕራፍ አምስት አይሄድም፤ መልሱ እንደሌለ ቆጥሮ ነጥቡን ይሰጣል። «ሁሉን ከነገርነው ቀሪውን ለምን ያነባል?» የሚለው ስጋት ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን ዳኛው ዋናውን ሰነድ የሚከፍተው የተነገረውን ሊያረጋግጥ ነው። ለምሳሌ ትርፉ በኪሎ 10 ብር ነው ሲባል ስሌቱን ለማየት ይገልጣል፤ «አትራፊ ነው» ብቻ ከተባለ ግን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። በሌላ በኩል፣ ከየምዕራፉ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ቆርጦ መደርደርም ጭምቅ ሐሳብ አያደርግም። የድርጅቱ ራእይና የአባላቱ የትምህርት ደረጃ ከገበያውና ከወጪው እኩል ቦታ ከያዙ፣ ክርክሩን የሚሸከመው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ተረት፦ በትልቅ የገበያ ቁጥር መጀመር ዳኞችን ያሳምናል።

እውነታ፦ «ኢትዮጵያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ አንድ በመቶውን ብቻ ብንይዝ…» የሚል አጀማመር ስለ ሥራው ምንም አያስረዳም። ያው ዐረፍተ ነገር ለሳሙናም፣ ለጫማም፣ ለዳቦም ስለሚያገለግል ለማንኛቸውም ማስረጃ አይሆንም። አንድ በመቶው እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ አይናገርም። ማስረጃው ከአንዲት ደንበኛና ከአንድ ሽያጭ ይነሳል። ለምሳሌ የጅማ ተማሪዎች ከቡና ገለፈት ብሪኬት ከሰል ሠርተው፣ በከተማው ጀበና ቡና ለሚያፈሉ ሴቶች ለመሸጥ አቀዱ እንበል። ቁጥሮቹም ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ኪሎ በ25 ብር ይሸጣል። ገለፈቱና ማጓጓዣው፣ ማጣበቂያው፣ የቀን ሠራተኛውና ከረጢቱ ተደምረው 15 ብር ይፈጃሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ 10 ብር ያስተርፋል። ኪራይን፣ ጥበቃንና ደመወዝን የመሰለ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚወጣ ወጪ በወር 30,000 ብር ቢሆን፣ ሥራው ከኪሳራ የሚወጣው በወር 3,000 ኪሎ ሲሸጥ ነው። አንዲት ቡና አፍይ በቀን 2 ኪሎ፣ በወር 26 ቀን ብትጠቀም 52 ኪሎ ትወስዳለች። 3,000ን ለ52 ስናካፍል 58 ደንበኞች ያስፈልጋሉ።

ዳኛው «58 ቋሚ ደንበኛ በጅማ ይገኛል?» ብሎ ራሱን መጠየቅና መመለስ ይችላል፤ የ100 ሚሊዮኑን አንድ በመቶ ግን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። «እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ሐሳባችንን ያሳንሰዋል» የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ዕድገት ግን የአንዱ ኪሎ ትርፍ ብዜት ነው። አንዱ ኪሎ ካላተረፈ አንድ ሚሊዮኑ ኪሳራውን ያበዛል እንጂ አያስቀረውም። የሰፊው ገበያ መጠን መቅረት የለበትም፤ ቦታው ግን ከዚህ ስሌት በኋላ ነው። «ገና ተማሪዎች ነን፣ ሽያጭ የለንም» ለሚሉም ማስረጃ ማለት የግድ የዓመት ገቢ አይደለም። ለ12 ቡና አፍዮች ለሁለት ሳምንት በነጻ ከተሰጠ በኋላ ስንቶቹ በራሳቸው ገንዘብ ደግመው እንደገዙ መቁጠር ይቻላል። «ወደድነው» የሚል የመጠይቅ መልስ ብዙ ጊዜ ለጠያቂው ይሉኝታ ነው፤ ከኪስ የወጣ 25 ብር ግን ውሳኔ ነው።

ተረት፦ ደካማ ጎንና ተወዳዳሪ በጭምቅ ሐሳብ ውስጥ አይነሱም።

እውነታ፦ «ተወዳዳሪ የለንም» የሚል ዕቅድ ደንበኛዋ ዛሬ በምን ጀበናዋን እንደምታፈላ አልጠየቀም ማለት ነው። የእንጨት ከሰል ተወዳዳሪ ነው፤ ከብሪኬት ይልቅ ፈጥኖ የሚያያዝና አመዱ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ይህ መጻፍ አለበት። ከባዱ ድክመት ግን ክረምቱ ነው። ብሪኬት የሚደርቀው በፀሐይ ነው። መጭመቂያው በደረቅ ወር 5,200 ኪሎ ቢያወጣና በክረምት ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ 2,600 ኪሎ ብቻ ይቀራል። ከኪሳራ መውጫው 3,000 ስለሆነ 400 ኪሎ ይጎድላል፤ በክረምት በየወሩ 4,000 ብር ይጠፋል ማለት ነው። ቡድኑ ይህን ቢደብቅ፣ ጅማን የሚያውቅ ዳኛ ስለ ዝናቡ በራሱ ይጠይቃል፤ ያኔ ያልታሰበበት ነገር ይመስላል። «በበጋ ወራት ከሽያጭ የሚተርፈውን በደረቅ መጋዘን አከማችተን የክረምቱን ጉድለት እንሸፍናለን፤ የመጋዘኑ ኪራይ በወጪው ተካቷል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ድክመቱን ወደ ማስረጃ ይለውጠዋል። በእርግጥ ሁሉም ስጋት በአንድ ገጽ አይገባም። የሚገባው ሥራውን ከትርፍ ወደ ኪሳራ ሊያሻግር የሚችለው ነው፤ ሌላው በዋናው ሰነድ ይቆይ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የሚጠየቀው ዳኝነት ነው። «ድጋፍ እንፈልጋለን» ማለት ጥያቄ አይሆንም። «300,000 ብር እንጠይቃለን፤ 180,000 ለመጭመቂያ፣ 40,000 ለማክሰያ በርሜሎች፣ 80,000 ለሥራ ማስኬጃ» ሲባል ግን ገንዘቡ ከምርቱ ጋር ይያያዛል። በወር 5,200 ኪሎ ሲሸጥ ከኪሳራ መውጫው በላይ ያለው 2,200 ኪሎ 22,000 ብር ያተርፋል፤ ገንዘቡም በ14 ወር ገደማ ይመለሳል። ይህ ግን በየወሩ ሙሉ ምርት ሲሸጥ ነው፤ የክረምቱ ወራት ሲታሰቡ ጊዜው ይረዝማል፤ መጻፍ ያለበትም የረዘመው ነው።

«ጭምቅ ሐሳብ በመጨረሻ ይጻፋል» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ እውነት ነው። የመጨረሻው ረቂቅ በእርግጥ ዋናው ሰነድ ሲያልቅ ይጻፋል፤ አለዚያ በፊት ገጹ 15 ብር የነበረው ወጪ በሒሳብ ሠንጠረዡ 17 ሆኖ ይገኛል፤ ያ ልዩነት የሌሎቹንም ቁጥሮች ተአማኒነት ያሳጣል። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን ሥራው ሲጀመር መጻፍ አለበት። የደንበኛዋ፣ የኪሎው ትርፍና የ58ቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ከታየ፣ ተማሪዎቹ አርባ ገጽ ከመጻፋቸው በፊት ወደ ገበያ ወርደው ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ።