ለተቆጣ ደንበኛ የተጻፈ መልስ እንዴት ይታረማል?

ተቆጥቶ የሚጽፍ ደንበኛ በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው የደረሰበት ነገር ነው፤ ዕቃው ዘገየ፣ ተሰበረ፣ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ሁለተኛው በዚህ የተነሳ በሻጩ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው፤ አታላይ፣ ግዴለሽ፣ ሌባ። መልሱን የሚጽፈው ሰው በመጀመሪያ የሚያመው ሁለተኛው ስለሆነ እጁ ወደዚያ ይሄዳል፤ ስሙን ለማጽዳት ይጽፋል። እንዲህ የተጻፈ መልስ አንድም ሐሰት ሳይኖርበት ደንበኛውን የባሰ ያስቆጣል፤ ምክንያቱም ለደረሰው ነገር መልስ የለውም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቀላል። አንዲት እናት ለልጃቸው ክርስትና የምግብ ጠረጴዛ ከስምንት ወንበር ጋር አንድ የቤት ዕቃ ወርክሾፕ አዘዙ እንበል። ዋጋው 120,000 ብር ነው፤ ግማሹን ቀብድ ከፈሉ። ክርስትናው ቅዳሜ ስለሆነ ዕቃው ሐሙስ ሊደርስ ተዋዋሉ። የመጣው ግን በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ቀሪውን ከፍለው ከተረከቡ በኋላ ማታ ይህን ጻፉ፦

«ሌቦች ናችሁ! ቀብድ እስክትቀበሉ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ስልክ አታነሱም። ዓርብ አራት ጊዜ ደወልኩ። ሐሙስ ብላችሁ ማክሰኞ አመጣችሁ። በ3,200 ብር ወንበር ተከራይቼ እንግዳ ፊት ተዋረድኩ። ያመጣችሁትም ሁለቱ ወንበር ሲቀመጡበት ይንገዳገዳል። ገንዘቤን መልሱ!»

የወርክሾፑ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ድርጅታችን በጥራትና በታማኝነት ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል የቆየ መሆኑን እንገልጻለን። የተፈጠረው መዘግየት በመብራት መቋረጥ ምክንያት እንጂ በእኛ ጥፋት የመጣ አይደለም። ዕቃውን ፈርመው መረከብዎንም ልናስታውስዎ እንወዳለን። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም። ቅር ተሰኝተው ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ወንበሮቹን በተቻለ ፍጥነት ለማየት እንሞክራለን።»

ረቂቁ ጨዋ ነው፤ አንቱታውን ጠብቋል፤ ይቅርታ የሚል ቃልም አለበት። ሆኖም እናትየዋ ከጻፉት ውስጥ ስለ ዓርቡ ስልክ አንድ ቃል የለውም፤ ስለ ኪራዩም ዝም ብሏል፤ ገንዘቤን መልሱ ለሚለው መልስ አልሰጠም። በአንጻሩ እሳቸው ያልጠየቁትን፣ የድርጅቱን ስምና ዝና፣ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ፊርማውን ማስታወሱ ደግሞ ክርክር መክፈት ነው። የርክክብ ፊርማ ስምንት ወንበር መምጣቱን ያረጋግጥ እንደሆነ እንጂ ወንበሩ እንደማይንገዳገድ አያረጋግጥም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። «ከዚህ በፊት ቅሬታ ቀርቦብን አያውቅም» የሚለው ሲነበብ «ችግሩ ከእርስዎ ነው» ማለት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ቅር ተሰኝተው ከሆነ» የሚለው ነው። እንግዳ ፊት ተዋረድኩ ብለው በግልጽ የጻፉ ሰው ቅር መሰኘታቸው አጠራጣሪ ሆኖ ቀረበ። ጥፋቱም ከወርክሾፑ ሥራ ወጥቶ የእሳቸው ስሜት ላይ ወደቀ። «የተፈጠረው መዘግየት» የሚለውም ያው ነው፤ መዘግየቱ በራሱ የተፈጠረ ይመስላል፤ ያዘገየ ሰው የለም።

ይቅርታ የሚለው ቃል መኖሩ ብቻ መልስን እንደማያድን በዓለም ዙሪያ የታየበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል በሚሄድ በረራ ላይ ለራሱ ሠራተኞች መቀመጫ ፈልጎ፣ አልወርድም ያሉ አንድ መንገደኛ በጸጥታ ኃይሎች ተጎትተው ሲወጡ ተጎዱ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኦስካር ሙኞዝ በማግስቱ ያወጡት መግለጫ ይቅርታ ነበረበት፤ ይቅርታው ግን መንገደኞችን ወደ ሌላ በረራ ለማዛወር በመገደዳቸው እንጂ ሰው በመጎዳቱ አልነበረም። ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤም መንገደኛውን አስቸጋሪ አድርገው ገለጹ። ቁጣው በረታ። ከአንድ ቀን በኋላ የወጣው ሌላ መግለጫ ማንም ሰው እንዲህ ሊደረግበት እንደማይገባ አምኖ፣ ሙሉ ኃላፊነት ወስዶ፣ አሠራሩ ተመርምሮ ውጤቱ እስከ ኤፕሪል 30 እንደሚገለጽ ቀን ቆርጦ ተናገረ። ሁለቱም መግለጫዎች ይቅርታ ጠይቀዋል። የተለያዩት ይቅርታው የተጠየቀበት ነገር ላይ ነው።

ወደ ወርክሾፑ እንመለስ። ረቂቁን ቃል በቃል ማለስለስ አያርመውም፤ እርማቱ የሚጀምረው ከመጻፍ በፊት ነው። የመጀመሪያው ሥራ አቤቱታውን መለየት ነው። «ሌቦች» የሚለውን መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ይሻላል፤ ሲመለስ ክርክር ይሆናል፣ ሲታለፍ ግን ማንም አይጎዳም። የቀረው አምስት ነገር ነው፦ መዘግየቱ፣ ያልተነሳው ስልክ፣ የወንበር ኪራዩ፣ የሚንገዳገዱት ወንበሮችና የገንዘብ ይመለስልኝ ጥያቄ። ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ እንዳመማቸው መልእክቱ ራሱ ይናገራል። ቀኑንና ብዛቱን ቆጥረው የጻፉት ስለ ስልኩ ነው፤ ያስቀደሙትም እሱን ነው። ዓርብ አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ «አይደርስም» ቢላቸው ኖሮ ሌላ መላ ይፈልጉ ነበር።

ቀጥሎ እውነቱን ማጣራት ይመጣል። ይህ ግማሽ ቀን ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው አጭር ቃል መላክ ደግ ነው፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ የትእዛዝ መዝገቡንና ሠራተኞቹን ጠይቀን ነገ ከ6 ሰዓት በፊት እንመልስልዎታለን» ማለት በቂ ነው። ሲጣራ መብራት በእርግጥ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ዕቃው የዘገየው ግን አምስት ቀን ነው። ቀሪው የጠፋው ሌላ ትእዛዝ ስለተቀደመ መሆኑን መዝገቡ ያሳያል። ስልኩ የሽያጭ ሠራተኛው እጅ ነበር፤ እሱ ዓርብ ዕረፍት ወጥቶ ለማንም አላስረከበም። ወንበሮቹን በተመለከተ አናጺው ችኮላውን ያስታውሳል፤ እግሩ ከመቀመጫው የሚገናኝበት ማጣበቂያ በቅጡ ሳይደርቅ ተጭነዋል፤ በመንገድ ንቅናቄ መጋጠሚያው ላልቷል።

ሦስተኛው ሥራ ምን እንደሚደረግ መወሰን ነው፤ ይህም የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው የሚወስነው ነው። መልስ የሚጽፈው ሠራተኛ ሥልጣን ከሌለው ብዕሩ ራሱ ወደ «እንሞክራለን» ይሸሻል። ከውሳኔው በፊት ሕጉን ማየትም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ሁለቱን ወንበሮች መለወጥ ወርክሾፑ የሚውለው ውለታ አይደለም። «ለደንበኞቻችን ካለን አክብሮት የተነሳ» ብሎ መብታቸውን በስጦታ መልክ ማቅረብ ደግሞ መብቱን የሚያውቅ ሰው የሚያበሳጨው ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ መልሱ ለመጻፍ ከባድ አይሆንም። በስማቸው ይጀምርና እንዲህ ይቀጥላል፦

«ጠረጴዛውን ሐሙስ ልናደርስልዎ ተዋውለን ያደረስነው ማክሰኞ ነው። ዓርብ አራት ጊዜ ሲደውሉ ስልኩን አላነሳንም። በዚህ ምክንያት ለክርስትናው ወንበር ተከራይተዋል፤ እንግዳ ፊትም አሳፍረንዎታል። ከመጡት ወንበሮችም ሁለቱ ይንገዳገዳሉ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የዘገየነው የእርስዎን ሥራ ሳንጨርስ ሌላ ትእዛዝ ስላስቀደምን ነው። እንደማንደርስ ረቡዕ ዕለት አውቀን ነበር፤ ያን ጊዜ ደውለን ልንነግርዎ ይገባ ነበር። ወንበሮቹ የሚንገዳገዱት ማጣበቂያው ሳይደርቅ ስለጫንናቸው ነው።

ሁለቱን በአዲስ ለውጠን ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቤትዎ እናመጣለን፤ ስድስቱንም እዚያው እንፈትሻለን። ለኪራይ ያወጡትን 3,200 ብር ዛሬ እናስገባለን። ዕቃውን ማስቀረት ካልፈለጉ በራሳችን መኪና እንወስዳለን፤ 120,000 ብሩን በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳብዎ እንመልሳለን። የትኛው እንደሚሻልዎ ይንገሩን። ጉዳዩን የምከታተለው የወርክሾፑ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ በዚህ ስልክ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያገኙኛል።»

ከረቂቁ ጋር ሲተያይ ትልቁ ልዩነት ግሦቹ ላይ ነው። የተፈጠረው መዘግየት ዘገየን ሆነ። መብራቱ ከመልሱ ወጥቷል፤ ሐሰት ስለነበረ አይደለም፣ ከአምስቱ ቀን ሁለቱን ብቻ ስለሚያስረዳና ያልተነሳውን ስልክ ጨርሶ ስለማያስረዳ ነው። ምክንያትን ከሰበብ ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ «ስለዚህ ይህን ማድረግ ነበረብን» ብሎ መቀጠል የሚቻል ከሆነ ምክንያት ነው። «መብራት ጠፋ» ብቻ ቢባል ደንበኛዋ ዝም ከማለት ሌላ የሚሰጡት መልስ የለም፤ «ረቡዕ አውቀን ነበር» ሲባል ግን ምን መደረግ እንደነበረበት ወዲያው ይታያል። ይቅርታውም አንድ ጊዜ፣ የተጠየቀበት ነገር ከተዘረዘረ በኋላ መጥቷል። በየአንቀጹ ይቅርታ የሚደጋግም መልስ አንባቢውን ይቅር በሉ እያለ ይወተውታል፤ ተበዳዩ አጽናኝ ይሆናል።

ኃላፊነት መውሰድ ያላደረጉትን ማመን አይደለም። እናትየዋ «ቀለሙም ያዘዝኩት አይደለም» ብለው ቢጨምሩና የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የመረጡት ያው ቀለም ቢሆን፣ እሱን ለማስደሰት ብሎ ጥፋተኛ ነን ማለት አያስፈልግም። ወረቀቱን አያይዞ «የተመዘገበው ይህ ቀለም ነው፤ ያሰቡት ሌላ ከነበረ ሲመዘገብ ስተን ሊሆን ስለሚችል ይንገሩን» ማለት ይበቃል። ሰው የተጎዳበት አቤቱታ ሲሆን ደግሞ ስለ ጉዳቱ ማዘንና ሕክምናውን መጠየቅ ሳይዘገይ፣ ስለ ካሳና ስለ ጥፋት መጠን ከመጻፍ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

መልሱ ከመላኩ በፊት ጉዳዩ ውስጥ ያልነበረ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው፤ ጸሐፊው ያልሰማውን የስድብ ወይም የተግሣጽ ቃና እሱ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ መልሱን የሚያጸናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወንበሮቹ እንደማይደርሱ ዓርብ ከታወቀ መደወል ያለበት ዓርብ ነው፤ አራት ጊዜ ደውለው ያጡት ሰው ያን አንድ ስልክ ካላገኙ የተጻፈው ሁሉ እንደ መጀመሪያው ረቂቅ ይቆጠራል።